የጣት አሻራን ቤት ውስጥ ማንሳትና ማንበብ፦ ሉፕ፣ ዎርል፣ አርች እና መዳፍ አንባቢው የሚጨምርባቸው

መዳፍ የሚያነቡ ሰዎች በብዛት የሚታወቁት በመዳፍ መስመር ነው። የዕድሜ መስመር፣ የልብ መስመር፣ የጭንቅላት መስመር ይላሉ። ብዙዎቹ ግን ወደ ጣት ጫፍም ይሄዳሉ። «አውራ ጣትህ ላይ ክብ አለ፤ ግትር ነህ።» «የቀለበት ጣትሽ ላይ የጣዎስ ዓይን አለ፤ ጥበብ አለሽ።» ከዚያ ሉፕ፣ ዎርል፣ አርች የሚሉ ቃላት ይመጣሉ። ቃላቱ ደግሞ እውነተኛ ናቸው። ፖሊስ ይጠቀምባቸዋል፣ ሐኪሞች ተጠቅመውባቸዋል፣ ደርማቶግሊፊክስ የሚባል የጥናት መስክም አላቸው። ሰውየው ቃሉን ሲጠራ አልዋሸም። ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ቀጥሎ በሚለው ነገር ነው።

እዚህ የማሳያችሁ አሻራን ቤት ውስጥ እንዴት እንደምታነሱ፣ ዓይነቱን እንዴት እንደምትለዩ፣ ሸንተረሩን እንዴት እንደምትቆጥሩ ነው። ከዚያ ያገኛችሁት ነገር ምን እንደሚናገርና የት ላይ ዝም እንደሚል እናያለን። በመጨረሻም መዳፍ አንባቢውን ራሱን የምትፈትኑበት መንገድ አለ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። መዳፍ ላይ የሚታዩት ትልልቅ መስመሮች ቆዳው የሚታጠፍባቸው እጥፋቶች ናቸው። ሸንተረር የምንለው ሌላ ነው። ከጣት ጫፍ እስከ መዳፍ ድረስ ቆዳውን የሞሉት፣ ጎን ለጎን የሚሄዱት ቀጫጭን ከፍታዎች ናቸው። አሻራ የሚተወው ሸንተረሩ ነው። ሁለቱ የተለያየ አፈጣጠር አላቸው፤ መዳፍ አንባቢዎች ግን ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ይቀላቅሏቸዋል።

አሻራውን ማንሳት

የሚያስፈልገው ለስላሳ እርሳስ (2B ቢሆን ጥሩ ነው)፣ ነጭ ወረቀት፣ ግልጽ ስኮችና ማጉያ መነጽር ነው። መነጽር ከሌለ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማጉላት ይበቃል።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ቅባት ወይም ሎሽን ካለበት አይሆንም። ወረቀቱ ጥግ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር በሦስት የሚሆን ቦታ በእርሳሱ አጥቁሩ። የጣታችሁን ጫፍ ከጥፍሩ አንድ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ ድረስ በጥቁሩ ላይ አሹት። ከዚያ ስኮቹን ከአንዱ የጥፍር ጠርዝ ጀምራችሁ ጣቱን አልብሱት። ሳታንሸራትቱ ጫን ጫን አድርጉ፣ ላጡትና ንጹህ ወረቀት ላይ ለጥፉት። ከሥሩ ወዲያው ጻፉበት፦ ቀኝ 1 አውራ ጣት፣ ቀኝ 2 አመልካች፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ ግራ 5 ትንሿ ጣት። «በኋላ እጽፈዋለሁ» ያለ ሰው አሥር ተመሳሳይ ጥቁር ነጥብ ይዞ ይቀመጣል።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት የጣቱን መሃል ብቻ ማንሳቱ ነው። ቅርጹን ለመለየት የሚያስፈልገን ምልክት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጎን ላይ፣ ወደ ጥፍሩ ጠርዝ ተጠግቶ ነው። እሱ ካልተነሳ ዎርሉ ሉፕ ይመስላል። ሌላው እርሳስ ማብዛት ነው። ብናኙ በሸንተረሮቹ መሃል ያለውን ሸለቆ ከሞላው የሚወጣው ጥቁር ጥፍጥፍ ነው። እንዲህ ከሆነ ጣቱን በደረቅ ጨርቅ አንዴ ጠረግ አድርጋችሁ ሁለተኛ ስኮች አልብሱት፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይሻላል።

በሲሚንቶ፣ በድንጋይ ወይም በጠንካራ ሳሙና የሚሠራ ሰው ሸንተረሩ ያልቃል። የፋይዳ ምዝገባ ላይ ማሽኑ «እንደገና» እያለ ሲያስቸግራቸው ያያችኋቸው ሰዎች አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነው። ሸንተረሩ ግን አልጠፋም። እጁ ከሥራው ሲያርፍ ያው ቅርጽ ተመልሶ ይወጣል። ለዘለቄታው የሚለወጠው ቁስሉ ወደ ታችኛው የቆዳ ክፍል ከዘለቀ ነው።

ወረቀቱን ቤት አስቀምጡት። የጣታችሁን ጥርት ያለ ፎቶም ለማንም «አንብብልኝ» ብላችሁ አትላኩ። በ2014 ያን ክሪስለር የሚባል ጀርመናዊ የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያ የወቅቱን የመከላከያ ሚኒስትር የኡርሱላ ፎን ደር ላየንን የአውራ ጣት አሻራ ከተነሱት ፎቶዎች ላይ አውጥቶ አሳይቷል።

ዴልታውን መፈለግ

አሁን ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ሰው መጀመሪያ የሚያየው መሃሉን ነው፤ ክብ ይመስላል፣ አይመስልም እያለ። መሃሉን ለጊዜው ተዉት። የምትፈልጉት ዴልታውን ነው። ዴልታ ማለት ከሦስት አቅጣጫ የመጡ ሸንተረሮች የሚገናኙበት፣ እንደ ሦስት መንገድ መገናኛ ያለ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመሃሉ ዝቅ ብሎ በግራ ወይም በቀኝ ይገኛል።

ዴልታ ከሌለ አርች ነው። ሸንተረሮቹ በአንዱ ጎን ይገባሉ፣ መሃል ላይ ከፍ ይላሉ፣ በሌላው ጎን ይወጣሉ። ወደኋላ የሚመለስ የለም።

አንድ ዴልታ ካለ ሉፕ ነው። ሸንተረሩ በአንድ ጎን ይገባል፣ መሃል ላይ ይታጠፋል፣ በገባበት ጎን ተመልሶ ይወጣል።

ሁለት ዴልታ ካለ ዎርል ነው። መሃሉ ክብ ወይም ጥምዝምዝ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሉፖች ተቃቅፈው ኤስ የመሰለ ቅርጽም ሊሠሩ ይችላሉ። እሱም ከዎርል ይቆጠራል። መዳፍ አንባቢዎች የጣዎስ ዓይን የሚሉት ደግሞ አብዛኛው ሉፕ የሚመስል፣ መሃሉ ላይ ግን ትንሽ ክብ ያለው ዎርል ነው። ሁለተኛው ዴልታ ለመሃሉ በጣም ስለሚቀርብ በቀላሉ ያመልጣል።

የሚያምታታው የድንኳን አርች የሚባለው ነው። መሃሉ ሹል ብሎ ይቆማል፤ ዴልታ የሚመስልም ነገር አለው። ከሉፕ የምትለዩት እንዲህ ነው። ከዴልታው እስከ መሃሉ መስመር አስቡ። በመካከል የሚቆረጥ፣ ታጥፎ የሚመለስ ቢያንስ አንድ ሸንተረር ካለ ሉፕ ነው። ከሌለ የድንኳን አርች ነው።

በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከጣቶች ከ60 እስከ 65 በመቶው ሉፕ ነው። ዎርል ከ30 እስከ 35 በመቶ ይሆናል፣ አርች 5 በመቶ አካባቢ። ድርሻው ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል፤ ሉፕና ዎርል አብዛኛውን መያዛቸው ግን የተለመደ ነው። ይህን ያዙት፣ በኋላ ይጠቅመናል።

ሉፑ ወደየት ይከፈታል?

ሉፕ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ከተከፈተ አልናር ይባላል። ወደ አውራ ጣት ከተከፈተ ራዲያል ነው። ስሞቹ የመጡት ከክንድ ሁለት አጥንቶች ነው። አብዛኞቹ ሉፖች አልናር ናቸው። ራዲያል ካጋጠማችሁ አመልካች ጣት ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በቀለም ወረቀት ላይ በቀጥታ የታተመ አሻራ በመስታወት እንደታየ ይገለበጣል። በስኮች ያነሳችሁት ግን አይገለበጥም። በስኮቹ ጀርባ ስለምታዩት ልክ ጣቱን ፊት ለፊት እንደማየት ነው። ስለዚህ የቀኝ እጅ በስኮች ሲነሳ ወደ ግራ የተከፈተው ሉፕ አልናር ነው። ያው ጣት በቀለም ሲታተም ወደ ቀኝ ይከፈታል። ከተጠራጠራችሁ ወረቀቱን ትታችሁ ጣታችሁን ራሱን እዩት።

ሸንተረሩን መቁጠር

ከዴልታው እስከ ሉፑ መሃል ጫፍ ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር አድርጉ። በስልክ ፎቶ ላይ ቢሆን ይቀላል። መስመሩ የሚቆርጣቸውን ሸንተረሮች ቁጠሩ። ዴልታው ራሱና የመሃሉ ጫፍ አይቆጠሩም። ዎርል ሁለት ዴልታ ስላለው ሁለት ቁጥር ይወጣል፤ ትልቁን ትይዛላችሁ። አርች ዜሮ ነው። አሥሩን ስትደምሩ የምታገኙት የጣቶች ጠቅላላ የሸንተረር ቁጥር ይባላል።

አንዱን ጣት ሁለቴ ቁጠሩ። በሁለቱ መካከል የአንድ ወይም የሁለት ልዩነት ያለ ነው። አምስት ከተለያየ ግን አንዱ ጊዜ የዴልታውን ቦታ ስታችኋል ማለት ነው።

ለምሳሌ እንዲሆን አንዲት ሴት እናስብ፤ ሳባ እንበላት። የቀኝ አውራ ጣቷ ዎርል ነው፤ በአንዱ በኩል 19፣ በሌላው 15፣ ስለዚህ 19 ያዝን። ቀኝ አመልካቿ ራዲያል ሉፕ፣ 8። የመሃል ጣቷ አልናር ሉፕ፣ 11። የቀለበት ጣቷ ዎርል፣ 16 እና 9፣ ስለዚህ 16። ትንሿ ጣቷ አልናር ሉፕ፣ 12። የቀኙ ድምር 66 መጣ። የግራ አውራ ጣቷ አልናር ሉፕ፣ 15። አመልካቿ የድንኳን አርች፣ 0። የቀሩት ሦስቱ አልናር ሉፖች ናቸው፤ 9፣ 14፣ 11። የግራው 49 ሆነ። ጠቅላላው 115 ነው።

ሳራ ሆልት የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ ብዙ እንግሊዛውያንን ቆጥራ ለወንዶች አማካዩ 145፣ ለሴቶች 127 አካባቢ መሆኑን አሳይታለች። ይህ የእንግሊዞች ቁጥር ነው፤ የእኛ ሊለይ ይችላል። በአማካዩ ዙሪያ ያለው ስርጭትም በጣም ሰፊ ነው፤ 50 ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ምንም አያስደንቅም። የሳባ 115 ተራ ቁጥር ነው።

የሆልት ሥራ ያሳየው ትልቁ ነገር ግን ውርሱ ነው። ጠቅላላ ቁጥራቸው ሲነጻጸር መንትዮች ከአንድ እንቁላል የመጡ ከሆኑ 0.95 ያህል ይጣጣማሉ፤ አንድ ማለት ፍጹም መመሳሰል ነው። ተራ ወንድምና እህት 0.5 አካባቢ ናቸው። ይህ ሙሉ በሙሉ በዘር የሚመጣ ነገር ላይ ከሚጠበቀው ጋር በጣም ይቀራረባል። እህታችሁን ወይም ወንድማችሁን ብትቆጥሩ ግን ቁጥሩ ያው ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ፤ 0.5 ሰፊ ልዩነት ይፈቅዳል።

ቅርጹ ከየት መጣ?

ፅንሱ ሰባት ሳምንት አካባቢ ሲሆነው ጣት ጫፎቹ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ይወጣሉ። ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ወደ ጣቱ ይሰምጣሉ። ሸንተረሩ መሠራት የሚጀምረው 10ኛው ወይም 11ኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ማለትም እብጠቱ እየሰመጠ ባለበት ሰዓት። እብጠቱ ገና ከፍ ብሎና ሚዛኑን ጠብቆ ከደረሰ ሸንተረሩ ይዞረዋል፤ ዎርል ይሆናል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሉፕ ይወጣል። ዝቅ ብሎ ከተገኘ አርች። 17ኛው ሳምንት አካባቢ ዋናው ቅርጽ አልቋል። ከዚያ በኋላ ጣቱ ያድጋል እንጂ ቅርጹ አይቀየርም።

በ2023 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዝርዝሩን አወጡት። ሸንተረሩ ከሦስት ቦታ ተነስቶ እንደ ሞገድ ይስፋፋል፦ ከእብጠቱ መሃል፣ ከጥፍሩ ሥር፣ እና ከጣቱ የመጀመሪያ እጥፋት። ሞገዶቹ የት ላይ እንደሚገናኙ ነው ቅርጹን የሚወስነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከ23,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት ከቅርጹ ጋር የተያያዙት ጂኖች በብዛት እጅና እግርን የሚሠሩት መሆናቸውን አሳይቷል። ዋነኛው ኢቪአይ1 የሚባለው ጂን ነው። የአሻራ ቅርጽ ከጣት ርዝመት ጋር ትንሽ ዝምድና እንዳለውም ያው ጥናት አግኝቷል።

ስለዚህ የሳባ ዎርሎች የሚነግሩን በዚያ ሰሞን የሁለት ጣቶቿ እብጠት ከሌሎቹ ይበልጥ ከፍ ብሎ እንደነበር ነው። የግራ አመልካቿ እብጠት ቶሎ ሰምጧል። እዚህ ድረስ ማንም ያነበዋል።

ያንኑ ወረቀት ለመዳፍ አንባቢ ብንሰጠው

በምዕራቡ ዓለም የመዳፍ ንባብ መጻሕፍት የተለመደው አነጋገር እንዲህ ነው። ሉፕ ያለው ተግባቢ፣ ስሜቱ ቶሎ የሚነካ፣ ከሰው ጋር የሚስማማ ነው። ዎርል ያለው የራሱ መንገድ ያለው፣ ግትር ነው። አርች ያለው ተግባራዊ፣ ተጠራጣሪ ነው። በቻይና ደግሞ ዎርሉን ቆጥሮ ድህነትና ሀብት የሚናገር የቆየ አባባል አለ። በህንድም ክቡ መንኮራኩር ተብሎ የንጉሥነት ምልክት ይሆናል። በነገራችን ላይ የእኛ አገር ኮከብ ቆጣሪ የሚጠይቀው ስማችሁንና የእናታችሁን ስም ነው፤ የጣት ጫፍ ንባብ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው።

ሳባ እንግዲህ ቀኝ አውራ ጣቷ ግትር፣ ግራ አውራ ጣቷ ደግሞ ተግባቢ ነው። መዳፍ አንባቢዎች ይህን ሲጠየቁ መልሳቸው ዝግጁ ነው፦ «ግራው ይዘሽው የተወለድሽው፣ ቀኙ ራስሽ የሠራሽው ነው።» ለመስመሮቹ ቢያንስ ይህን ማለት ይቻል ይሆናል፤ እጥፋት በሥራና በዕድሜ ጥቂት ይቀያየራል። ለሸንተረሩ ግን አይሆንም። ቀኙም ግራውም እናቷ ማህፀን ውስጥ አልቀው ነው የተወለደችው። ራሷ የሠራችው ነገር የለም።

ትንሽ ያነበበው መዳፍ አንባቢ የተሻለ ክርክር ያመጣል። «ቆዳና አንጎል ከአንድ የፅንስ ንብርብር ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ ቆዳው አንጎሉን ያሳያል» ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። የላይኛው ቆዳና የነርቭ ሥርዓት ኤክቶደርም ከሚባለው ንብርብር ይመጣሉ። የጥርስ ኢናሜል፣ ፀጉርና ጥፍርም ከዚያው ነው የሚመጡት፤ በጥርስ ጠባይ የሚያነብ ግን አልሰማሁም። ይበልጥ የሚያፈርሰው ደግሞ ሌላ ነው። ዎርል ወይም ሉፕ እንዲሆን የሚወስነው እብጠት ከሌላ ንብርብር፣ ከሥር ካለው ሥጋ የሚሠራ ነው።

ጠባይንና ችሎታን አሻራ ላይ የፈለገ ተመራማሪ አልነበረም እንዳትሉ ደግሞ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን አለ። ሉፕ፣ ዎርል፣ አርች የሚለውን አከፋፈል ያስለመደው እሱ ነው። የሰውን ችሎታ በዘር መመደብ የሚፈልግ ሰው ነበር፤ አሻራ የዘርና የችሎታ ምልክት እንዲሆንለት ተመኝቷል። የተማሩትን፣ የጉልበት ሠራተኞችን፣ የአእምሮ ዝግመት ያለባቸውን አሻራ አነጻጽሮ በ1892 ባሳተመው መጽሐፉ ልዩነት እንዳላገኘ ጻፈ። ለማግኘት ከማንም በላይ ጉጉት የነበረው ሰው ነው።

ጥናቱ የሚደግፈው የቱን ነው?

የሚደግፈው አለ። ጠባይ ላይ ሳይሆን ፅንሱ ያደገበት ሁኔታ ላይ። ደርማቶግሊፊክስ የሚለውን ስም በ1926 ያወጣው አሜሪካዊው ሃሮልድ ከሚንስ ከአሥር ዓመት በኋላ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች እጅ ላይ ያለውን ልዩነት ገለጸ። ብዙዎቹ ጣቶቻቸው አልናር ሉፕ ናቸው፤ የመዳፍ ዴልታቸውም ከፍ ብሎ ይገኛል። 18ኛው ክሮሞዞም ትርፍ ሲኖረው የሚመጣው ኤድዋርድስ ሲንድረም ያለባቸው ሕፃናት ጣቶች በብዛት አርች ናቸው። ኤክስ ክሮሞዞም ሲጨምር የሸንተረር ቁጥር በአማካይ ይቀንሳል። አንድ ኤክስ ብቻ ያላቸው ተርነር ሲንድረም ያለባቸው ሴቶች ቁጥራቸው ከፍ ይላል።

የዳውን ሲንድረም መንስኤ የሆነው ትርፍ ክሮሞዞም በ1959 እስኪታወቅ ድረስ ይህ ለሐኪም ጥሩ ፍንጭ ነበር። አሁን ክሮሞዞሙ ራሱ ይታያልና የአሻራ ፍንጭ ለምርመራ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አደገኛ ስህተት አለ፤ ወደኋላ ማንበብ። አሥሩም ጣታቸው አልናር ሉፕ የሆነ ጤነኛ ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገሩን በቁጥር ለማየት መዳፉን አቋርጦ የሚያልፈውን ነጠላ እጥፋት እንውሰድ፤ ብዙ እናቶች ልጃቸው እጅ ላይ አይተው የሚደነግጡበት እሱ ነው። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 45 በመቶ ያህሉ አላቸው። ከሌላው ሰው ደግሞ ቢያንስ በአንድ እጁ ያለው 4 በመቶ አካባቢ ነው። 10,000 ሕፃናት ቢወለዱ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው 13 ያህል ናቸው፤ ከእነሱ 6ቱ እጥፋቱ ይኖራቸዋል። ከቀሩት ግን 400 ያህሉም አላቸው። ስለዚህ እጥፋቱ ካላቸው 406 ልጆች 400ው ዳውን ሲንድረም የለባቸውም። ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው ሌሎች ምልክቶች አብረው ሲኖሩ ነው።

በህንድና በማሌዥያ የሚሸጠው የልጆች «የተሰጥኦ ምርመራ» በዚህ ሁሉ ላይ ነው የሚነግደው። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዲኤምአይቲ ይባላል። የአሥሩን ጣቶች ሸንተረር ቆጥሮ እያንዳንዱን ጣት ከአንጎል አንድ ክፍል ጋር ያገናኛል፤ ከዚያ ልጁ በሂሳብ ይህን ያህል፣ በሙዚቃ ያን ያህል በመቶ ብሎ ሪፖርት ያትማል። ማስታወቂያው ስልካችሁ ላይ ቢመጣ አንድ ነገር ጠይቁ። የሸንተረር ብዛት የአንጎል ብቃት ከሆነ በእንግሊዞቹ ቁጥር 18 ያህል የሚበልጡት ወንዶች ከሴቶች ብልህ ናቸው? ተርነር ሲንድረም ያለባት ሴት ደግሞ ከሁሉም ትበልጣለች? ሻጩ ለዚህ መልስ የለውም፤ ቁጥሩ የሚለካው የጣት እብጠትን ነውና።

መዳፍ አንባቢውን መፈተን

«እኔ ላይ ግን በትክክል ተናግሯል» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ «የግል የጠባይ ትንታኔ» ብሎ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሰጣቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከአምስት ሲጠይቃቸው በአማካይ 4.26 ሰጡት። ስለዚህ «ይመስለኛል» የሚለው ስሜት ፈተና አይደለም። ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

የቀኝ አውራ ጣትን ብቻ ያዙ፤ እሱ ላይ ሉፕም ዎርልም በብዛት ይገኛል። መዳፍ ንባብ የማያውቁ 12 ሰዎች ፈልጉ፦ ስድስቱ ሉፕ፣ ስድስቱ ዎርል ያላቸው። አሻራውን እናንተ አንሱ፤ ምን እንደሆነ አትንገሯቸው። ከአንድ የመዳፍ ንባብ ጽሑፍ ላይ የሉፕንና የዎርልን ጠባይ ገልብጣችሁ ስማቸውን አውጡና «ሀ» እና «ለ» በሉት። ወረቀቱን ሌላ ሰው ይስጣቸው፤ የእናንተ ፊት መልሱን እንዳይነግራቸው። እያንዳንዱ እሱን ይበልጥ የሚገልጸውን አንዱን ብቻ ይምረጥ።

ስድስት በስድስት ማድረጋችሁ ወሳኝ ነው። ዝም ብላችሁ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ አብዛኛው ሉፕ ሊሆንባችሁ ይችላል። የሉፕ መግለጫ ደግሞ ደስ የሚል ነው፤ ተግባቢ ነህ ሲባል ማን ይጠላል? ሁሉም እሱን ይመርጥና መዳፍ አንባቢው በትክክል የገመተ ይመስላል። ስድስት በስድስት ሲሆን ግን 12ቱም «ሀ»ን ቢመርጡ ልክ የሚሆኑት ስድስት ብቻ ናቸው።

በዕድል የሚጠበቀው ስድስት ነው። ሰባትና ስምንት ቢመጣ አትደነቁ፤ ሳንቲም ወርውራችሁም ታገኙታላችሁ። አሥርና ከዚያ በላይ በዕድል የሚመጣው ከ100 ሙከራ ሁለቴ ያህል ነው። አሥር ካገኛችሁ በሌሎች 12 ሰዎች ድገሙት። መጀመሪያ ግን አንዱ ተሳታፊ አሻራውን አይቶ በስልኩ ፈልጎ እንዳልነበር ጠይቁ።